የተነካካ የሚመስል የሰልፍ ፎቶ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ፦ ለአዘጋጁ ደብዳቤ የመጻፊያ መመሪያ

መልስ ሳያገኙ የሚቀሩ ደብዳቤዎች ላይ ደጋግሜ የማየው ስህተት አንድ ነው። "ይህ ፎቶ ፎቶሾፕ ነው፤ እናንተም ታውቃላችሁ" ይላሉ። የፎቶው የትኛው ቦታ ላይ ምን እንደታየ አይናገሩም። አዘጋጁ ፎቶውን ከፍቶ የሚያመሳክረው ነገር አያገኝም። የሚያገኘው ስድብ ብቻ ነው።

ይህ መመሪያ ደብዳቤውን ከመጀመሪያው ዝግጅት እስከ ክትትሉ ይዞ ይሄዳል። ምሳሌያችን አንድ እውነተኛ ፎቶ ነው።

## የምንሠራበት ፎቶ

እ.ኤ.አ. ሜይ 4 ቀን 1970 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ በኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ የፀረ ጦርነት ሰልፍ ነበር። የብሔራዊ ዘብ ወታደሮች ተኩሰው 4 ተማሪዎችን ገደሉ። ያኔ ተማሪ የነበረው ፎቶግራፈር ጆን ፊሎ አንድ ፎቶ አነሳ። አንዲት የ14 ዓመት ልጅ በተገደለው በጄፍሪ ሚለር አጠገብ ተንበርክካ እጇን ዘርግታ ትጮኻለች። ፎቶው በቀጣዩ ዓመት የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ።

በዋናው ፎቶ ላይ ከልጅቷ ጀርባ የአጥር ቋሚ አለ። ከጭንቅላቷ የበቀለ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1995 ላይፍ መጽሔት ያሳተመው ቅጂ ላይ ግን ቋሚው የለም። አንባቢዎች አይተው ጠየቁ። የመጽሔቱ ሰዎች እኛ አልነካነውም፣ ከፎቶ ማኅደር የመጣልን እንዲሁ ሆኖ ነው አሉ። በእርግጥም ቋሚው የጠፋበት ቅጂ ከዚያ ቀደም በሌሎች ኅትመቶች ላይ ወጥቶ ነበር።

ይህን ልብ በሉ። ፎቶው ተነካክቷል። ያሳተሙት ሰዎች ግን አልነካኩትም። ፎቶግራፈሩም አልነካካውም። "ቋሚውን አጠፋችሁት" የሚል ደብዳቤ ተሳስቷል። "ቋሚው የለም፤ ከዋናው ጋር አመሳክሩልኝ" የሚል ደብዳቤ ልክ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ሁለተኛውን ዓይነት ደብዳቤ ለመጻፍ ነው።

## ደረጃ 1፦ ማስረጃውን ሳይቀየር ያዙ

ምንም ከመጻፋችሁ በፊት እነዚህን ሰብስቡ።

1. የታተመውን ጋዜጣ ራሱን። ቀኑን፣ ገጹንና እትሙን ጻፉ።
2. የፎቶውን መግለጫ ቃል በቃል፣ ከፎቶግራፈሩ ወይም ከዜና ወኪሉ ስም ጋር።
3. ፎቶው ድረ ገጹ ላይ ካለ፣ በሚገኘው ትልቁ መጠን አውርዱት።
4. ገጹን `web.archive.org` ላይ `Save Page Now` ብላችሁ አስቀምጡ። ነገ ፎቶው በዝምታ ቢቀየር ይህ ቅጂ ይቀርላችኋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ቴሌግራም ወይም ፌስቡክ ላይ ዞሮ የደረሳችሁን ፎቶ አትመርምሩ። መተግበሪያዎቹ ፎቶውን ይጨምቁታል። ሲጨመቅ ፊቶች ይድበሰበሳሉ፤ ጠርዞች ላይ ትናንሽ ካሬዎች ይወጣሉ። እነሱን እንደ ማጭበርበር ምልክት ቆጥሮ የጻፈ ሰው ገና በመጀመሪያው መልስ ይሸነፋል። ስክሪንሾትም እንዲሁ ነው።

ያላችሁ ወረቀቱ ብቻ ከሆነ በስካነር በ600 ዲፒአይ ስካን አድርጉ። የጋዜጣ ኅትመት በነጠብጣብ ነው የሚሠራው። ነጠብጣቡ ራሱ እስኪታይ ድረስ ካጎላችሁ ከዚያ ወዲያ የምታዩት ቀለም እንጂ ፎቶው አይደለም። እዚያ ላይ አቁሙ።

## ደረጃ 2፦ የጥርጣሬያችሁን ዓይነት በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

"ተነካክቷል" ብቻውን ምንም አይናገርም። ከአራቱ አንዱን ምረጡ፦ የነበረ ነገር ጠፍቷል፤ ያልነበረ ነገር ተጨምሯል ወይም ተደግሟል፤ ሁለት ፎቶዎች አንድ ተደርገዋል፤ ወይም ፎቶው ያልተነካ ሆኖ የሌላ ቦታ ወይም የሌላ ቀን ነው።

አራተኛው ከሦስቱ ይለያል፤ ደብዳቤውም ይለያል። በጁን 2020 ፎክስ ኒውስ ስለ ሲያትል ተቃውሞ ድረ ገጹ ላይ ባወጣቸው ምስሎች ሁለቱም ችግሮች አብረው ታዩ። መሣሪያ የያዘ ሰው ፎቶ ከሌላ ቀን ትዕይንት ጋር ተቀናብሮ ነበር። ሌላው ደግሞ የሚነድድ ሕንፃ ፎቶ ነው። ሲያትል ተብሎ ወጣ እንጂ የተነሳው ሚኒሶታ ውስጥ፣ ሴይንት ፖል ከተማ ነበር። ሲያትል ታይምስ ጋዜጣ ይህን ካጋለጠ በኋላ ምስሎቹ ተነሱ። ሁለተኛው ፎቶ ላይ የተነካ ጠርዝ ብትፈልጉ ዕድሜያችሁን ሁሉ አታገኙም። የሐሰቱ ቦታ መግለጫው ነው።

የፎቶ ዳር መቁረጥን ማጭበርበር አትበሉ። መጠነኛ ብርሃን ማስተካከልንም እንዲሁ። የዜና ክፍሎች በየቀኑ የሚሠሩት ሥራ ነው። ቆረጣው የሰልፉን ትርጉም ቀይሮታል ብላችሁ ካሰባችሁ ያንኑ ጻፉ፤ "ተቀነባብሯል" የሚለውን ቃል ግን አትጠቀሙ።

የኬንት ስቴቱ ፎቶ የመጀመሪያው ዓይነት ነው፦ *ከልጅቷ ጭንቅላት ጀርባ የነበረው የአጥር ቋሚ ጠፍቷል።* ይህችን ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ አስቀምጡ። ደብዳቤው ከእርሷ አይወጣም።

## ደረጃ 3፦ ወንድም ፎቶ ፈልጉ

ከሁሉም የሚበልጠው ማስረጃ ሌላ ፎቶ ነው። የዚያው ፎቶ የቀደመ ቅጂ፣ ወይም በዚያው ቅጽበት ከሌላ ካሜራ የወጣ። ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አፍስሱ።

1. ፎቶውን `tineye.com` ላይ ጫኑ። ውጤቱን `Oldest` በሚለው ደርድሩ፤ ከዚያ `Biggest Image` በሚለው። ሁለቱንም እዩ።
2. ጎግል ምስል ፍለጋና ያንዴክስ ላይ ድገሙት። አንዱ ያላገኘውን ሌላው ያገኛል።
3. ምንም ካልመጣ የምትጠራጠሩትን ክፍል ብቻ ቆርጣችሁ ፈልጉ። ቀጥሎ ፎቶውን ግራና ቀኝ ገልብጣችሁ ሞክሩ።
4. ፎቶው ሥር የዜና ወኪል ስም ካለ በወኪሉ ድረ ገጽ ላይ የዚያን ቀን ሰልፍ ፎቶዎች ተመልከቱ። አንድ ፎቶግራፈር ከአንድ ሰልፍ ብዙ ፍሬም ነው የሚልከው። ከፊትና ከኋላ ያሉት ፍሬሞች ምን እንደነበረ ያሳያሉ።

ያገኛችሁትን ጎን ለጎን አድርጉና ተመሳሳይ ነጥቦችን ቁጠሩ። ሁለቱ ቅጂዎች አንድ ፎቶ መሆናቸውን መጀመሪያ ማሳየት አለባችሁ። ኬንት ስቴት ላይ የልጅቷ የተዘረጉ እጆች፣ መሬት ላይ የተኛው አካል፣ ከኋላ የቆሙት ሰዎች አቋቋም አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱ ቋሚው ላይ ብቻ ነው። አዘጋጁ ይህን በግማሽ ደቂቃ ያየዋል።

ካልተገኘስ? ተስፋ አትቁረጡ፤ ግን ቋንቋችሁን ዝቅ አድርጉ። ወንድም ፎቶ ካላችሁ "ይለያያሉ" ትላላችሁ። ከሌላችሁ "ይህ ቦታ ማብራሪያ ይፈልጋል" ነው የምትሉት።

## ደረጃ 4፦ ፎቶውን ራሱን መርምሩ

ሰልፍ ላይ ብዙ ሰው አለ። ስለዚህ መጀመሪያ የሚፈለገው ድግግሞሽ ነው። ሕዝቡን ለማብዛት ወይም አንድ ነገር ለመሸፈን የአንድ ቦታ ምስል ኮፒ ተደርጎ ሌላ ቦታ ይለጠፋል።

እ.ኤ.አ. በማርች 2003 የሎስ አንጀለስ ታይምስ ፎቶግራፈር ብራያን ዋልስኪ ከኢራቅ፣ ከባስራ አካባቢ የላከው ፎቶ የተያዘው በዚህ ነው። ሰልፍ አይደለም፤ አንድ የእንግሊዝ ወታደርና የተሰበሰቡ ሲቪሎች ናቸው። የሌላ ጋዜጣ፣ የሃርትፎርድ ኩራንት ባልደረባ ከኋላ ያሉት ሰዎች ሁለት ጊዜ መታየታቸውን አስተዋለ። ዋልስኪ በተከታታይ ያነሳቸውን ሁለት ፍሬሞች አጋጥሞ አንድ አድርጓቸው ነበር። ከሥራ ተባረረ።

እንዲህ ሥሩ። ፎቶውን በአራት ክፍል ከፋፍላችሁ አንዱን ክፍል በሌላው ላይ አነጻጽሩ። ተመሳሳይ ሰው ካያችሁ አትደሰቱ። የልብሱን እጥፋት፣ የእጁን አቀማመጥ፣ የጎረቤቱን ትከሻ እዩ። ቢያንስ ሦስት ዝርዝር ነገሮች እርስ በርስ በዚያው ርቀትና አቅጣጫ መደገም አለባቸው። ይህ ካልሆነ ድግግሞሽ አትበሉት።

ይህን የምለው ከራሴ ስህተት ነው። አንድ ጊዜ ሁለት ፍጹም ተመሳሳይ ፕላካርዶች አየሁና ተለጥፏል ብዬ ለአንድ ጋዜጣ ጻፍኩ። ዋናውን ፎቶ ላኩልኝ። ፕላካርዶቹ ከአንድ ማተሚያ ቤት የወጡ ነበሩ። የያዟቸውን እጆች ብመለከት ኖሮ ልዩነቱን አየው ነበር። ሰልፍ ላይ አንድ ዓይነት ቲሸርት፣ አንድ ዓይነት ባንዲራ፣ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ይበዛል። የተባዛ ዕቃ ማስረጃ አይሆንም። የተባዛ እጅ፣ የተባዛ የፊት አቅጣጫ ግን ይሆናል።

ቀጥሎ ጥላን እዩ። በፀሐይ በተነሳ ፎቶ ከአንድ ዕቃ ጥላ ጫፍ ተነስታችሁ ጥላውን ወደጣለው ጫፍ ቀጥ ያለ መስመር ስመሩ። ለሌላ ሰው፣ ለሌላ ምሰሶም እንዲሁ አድርጉ። መስመሮቹ ሲረዝሙ ወደ አንድ ነጥብ መሄድ አለባቸው። አንዱ ሰው ብቻ ከወጣ ያ ሰው ይጠየቃል። ጥላዎቹ ፎቶው ላይ ትይዩ አለመሆናቸው ግን ብቻውን ምንም አያሳይም፤ በሰፊ ሌንስ ትክክለኛ ጥላም ይበታተናል። 

### ፋይሉ ውስጥ ያለው መረጃ

ፋይሉ በእጃችሁ ካለ exiftool የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ጭናችሁ ውስጡ ያለውን መረጃ በዚህ ትእዛዝ ማየት ትችላላችሁ፦

```
exiftool photo.jpg
```

`DateTimeOriginal` የተነሳበትን ጊዜ ይሰጣል። ድረ ገጾች ይህን መረጃ ብዙ ጊዜ ያጠፉታል፤ መጥፋቱ ምንም አያመለክትም። `Software` ላይ Adobe Photoshop የሚል ብታዩም አትጩኹ። ዳሩን ለመቁረጥም የሚከፈተው በዚያው ነው።

እኛ ዘንድ አንድ ተደጋጋሚ ስህተት አለ። ካሜራው የሚጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠርና ሰዓት ነው። ፋይሉ 14:30 ካለ በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ነው። ጋዜጣው "ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል" ቢል ተቃርኖ የለም። ዓመተ ምሕረቱንም እንዲሁ ቀይሩ። ደግሞም የካሜራው ሰዓት በትክክል ተሞልቶ ይሁን አይሁን አታውቁም።

### ራሱ ይመረምራል የሚባለው ድረ ገጽ

ፎቶን ወደ ጥቁርና ብሩህ ነጠብጣብ ቀይረው "እዚህ ጋ ተነክቷል" የሚያስብሉ ድረ ገጾች አሉ። ደብዳቤያችሁን በእነሱ ላይ አታቁሙ። እ.ኤ.አ. በ2013 የዓለም ፕሬስ ፎቶ ዋና ሽልማት ያገኘው የፖል ሃንሰን ፎቶ በዚህ ዓይነት ትንተና ከብዙ ፎቶ የተገጣጠመ ነው ተባለ። ፎቶው ጋዛ ውስጥ የልጆች አስከሬን ሲሸኝ ያሳያል። ውድድሩ ባለሙያዎች መድቦ ከካሜራው ከወጣው ያልተነካ ፋይል ጋር አመሳከረው። ብርሃንና ቀለም ተስተካክሏል እንጂ አልተገጣጠመም የሚል ውጤት ወጣ። ሐዘን ላይ ያሉ ሰዎች ፎቶ ሐሰት ተብሎ ሲወራ ከረመ።

## ደረጃ 5፦ ራሳችሁን ተከራከሩ

አዘጋጁ ሊሰጥ የሚችለውን መልስ ቀድማችሁ ጻፉ።

ሕዝቡ ከልክ በላይ ታፍጎ ከታየ፣ ከሩቅ በዙም የተነሳ ፎቶ ርቀትን ያጣብቃል። የሰው እግር ወይም ግማሽ ፊት ከጠፋ፣ በስልክ ፓኖራማ የተነሳ ሊሆን ይችላል፤ ሰው ሲንቀሳቀስ ፓኖራማ ይቆርጠዋል፣ አንዳንዴም ይደግመዋል። የሰዎች ዙሪያ ነጭ መስመር ከታየ፣ ፎቶው ጠርዙ ጥርት እንዲል ሲደረግ የሚመጣ ነው። በወረቀቱ ላይ ቀለም ከጠርዝ ካለፈ፣ ማተሚያው ቀለሞቹን በትክክል አልገጠመም፤ ሌላ ገጽ ላይ ያሉ ፎቶዎችን እዩ፣ እዚያም ታገኙታላችሁ።

አንዱ መልስ ጥርጣሬያችሁን ሙሉ በሙሉ ከፈታው ደብዳቤውን አትጻፉ። በከፊል ከፈታው ያንን በደብዳቤው ውስጥ አንሱት። ኬንት ስቴት ላይ "ዳሩ ተቆርጦ ነው" የሚል መልስ አይሠራም። ቋሚው ያለበት ቦታ ፎቶው መሐል ነው።

## ደረጃ 6፦ ደብዳቤውን ጻፉ

ከ250 ቃል አትለፉ። ቅደም ተከተሉን አታዛቡ፦ የቱ ፎቶ እንደሆነ፣ ምን እንዳያችሁ፣ ከምን ጋር እንዳመሳከራችሁ፣ የማታውቁት ምን እንደሆነ፣ ምን እንዲደረግ እንደምትጠይቁ።

እንበል የምታነቡት ጋዜጣ ያንን ቋሚ አልባ ቅጂ ለመታሰቢያ ቀን አሳተመው። ደብዳቤው እንዲህ ይሆናል፦

> ለተከበሩ ዋና አዘጋጅ
>
> ጉዳዩ፦ በገጽ 7 የወጣውን የኬንት ስቴት ፎቶ ይመለከታል
>
> በዛሬው እትም ገጽ 7 ላይ የጆን ፊሎ ስም ያለበት፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 4 ቀን 1970 የተነሳ ፎቶ አሳትማችኋል። የታተመው ቅጂ ከዋናው የሚለይ መስሎ ስለታየኝ ይህን ጻፍኩ።
>
> በዋናው ፎቶ ላይ ከተንበረከከችው ልጅ ጭንቅላት ጀርባ ቀጥ ብሎ የቆመ የአጥር ቋሚ ይታያል። በእናንተ ቅጂ ያ ቦታ ባዶ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ አባሪ 1 ላይ አያይዣለሁ። ልዩነቱን በቁጥር 1 አመልክቻለሁ። የልጅቷ እጆችና ከኋላ ያሉት ሰዎች በሁለቱም አንድ ስለሆኑ ሌላ ፍሬም አይደለም። ቦታው የፎቶው መሐል ስለሆነ ዳሩ በመቆረጡ የመጣም አይመስለኝም።
>
> ለውጡን ማን እንዳደረገው አላውቅም። ቋሚው የሌለበት ቅጂ ከዚህ በፊትም በሌሎች ኅትመቶች ላይ ወጥቷል። ስለዚህ ወደ እናንተ የደረሰው ተለውጦ ሊሆን ይችላል።
>
> ፎቶውን ከየት እንዳገኛችሁት እንድታጣሩ፣ ከዋናው ጋር እንድታመሳክሩ፣ ልዩነቱ ከተረጋገጠም በዚያው ገጽ ማስተካከያ እንድታወጡና ዋናውን ፎቶ እንድትተኩ በአክብሮት እጠይቃለሁ።
>
> ከሰላምታ ጋር
> ሙሉ ስም፣ ከተማ፣ ስልክ

ሦስተኛውን አንቀጽ እንዳትዘሉት። "አላውቅም" የሚለው ቃል አዘጋጁ እንዲከላከል ሳይሆን እንዲያጣራ መንገድ ይከፍታል። "መስሎ ታየኝ" የሚለውም ፍርሃት አይደለም። ያልተነካውን ፋይል እስካላያችሁ ድረስ ከዚያ በላይ ማለት አትችሉም።

"ሴራ"፣ "ቅጥረኛ"፣ "ሆን ተብሎ" የሚሉትን አውጡ። ስለ ሰልፉ ያላችሁን አቋምም አውጡ። ሰልፉን ብትደግፉም ብትቃወሙም ቋሚው ወይ አለ ወይ የለም።

ፎቶው የአሁን ሰልፍ ከሆነ ጥያቄያችሁን አጥብቁት፦ ከካሜራው የወጣውን ፋይል፣ ከፊቱና ከኋላው ካሉት ፍሬሞች ጋር እንዲያዩ ጠይቁ። ለእናንተ እንዲልኩ ግን አታስገድዱ። እነሱ ካዩት ይበቃል።

## ደረጃ 7፦ አባሪውን አዘጋጁና ላኩ

1. ሁለት ምስል ብቻ አያይዙ፦ ያልተነካውን የጋዜጣውን ቅጂ፣ እና ጎን ለጎን የተደረገውን።
2. ቀይ ክብና ቁጥር ሁለተኛው ላይ ብቻ አድርጉ። ያላችሁን ብቸኛ ቅጂ አትሳሉበት።
3. በኢሜይል እንደ ፋይል ላኩ። በቴሌግራም ከሆነም "ፋይል" ብላችሁ ላኩ እንጂ "ፎቶ" ብላችሁ አይደለም።
4. ጋዜጣው የእርማት ጥያቄ ወደሚቀበልበት ወይም ወደ ዋና አዘጋጁ አድራሻ ላኩ። የተላከበትን ቀን መዝግቡ።

ማስጠንቀቂያ፦ አባሪያችሁ ውስጥ የሰልፈኞች ፊት አለ። ፊት ላይ ክብ የተደረገበት ፎቶ ከእጃችሁ ከወጣ ሰውን ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል። ከአዘጋጁ ውጭ ለማንም የምታሳዩት ቅጂ ላይ ፊቶቹን ሙሉ በሙሉ በጥቁር ሸፍኑ። ማደብዘዝ አይበቃም።

መልስ ሳትጠብቁ ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ። ከለጠፋችሁ በኋላ ተሳስታችሁ ብትገኙ የለጠፋችሁትን መሰብሰብ አይቻልም።

## ከዚያ በኋላ የሚያጋጥማችሁ

መልስ ካልመጣ። አንድ ሳምንት ጠብቁ። ያንኑ ደብዳቤ "በዚህ ቀን ልኬ ነበር" የሚል አንድ መስመር ጨምራችሁ ድገሙት። ሁለተኛው ላይ ፎቶው ሥር ስሙ ላለው የዜና ወኪልም ግልባጭ አድርጉ። ወኪሉ ዋናው ፋይል አለው፤ ስሙም አብሮ ይነሳል።

ፎቶው በዝምታ ከተቀየረ። ደረጃ 1 ላይ ያስቀመጣችሁትን የ`web.archive.org` አድራሻ ልካችሁ ማስተካከያ መደረጉ ለአንባቢ እንዲነገር ጠይቁ። ስለ ወረቀቱ እትምም ጠይቁ፤ ድረ ገጽ ላይ መቀየሩ ወረቀቱን ላነበበው አይደርስም።

"የወሰድነው ከሌላ ነው" ካሉ። ላይፍ የሰጠው መልስም ይኸው ነበር፤ እውነትም ሊሆን ይችላል። ተቀበሉትና ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ማስተካከያው እንዲታተም፣ የተነካው ቅጂ ከፎቶ ማኅደራቸው እንዲወጣ። ሁለተኛውን ካልጠየቃችሁ በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ፎቶ ታዩታላችሁ።

ደብዳቤያችሁን አሳጥረው ማተም ከፈለጉ። ፍቀዱ፤ ግን "ማን እንዳደረገው አላውቅም" የሚለው አንቀጽ እንዳይቆረጥ በጽሑፍ ጠይቁ። እርሱ ከወጣ ደብዳቤው ክስ ይሆናል፤ ከሥሩ ያለው ስምም የእናንተ ነው።

ዋናውን አሳይተዋችሁ ከተሳሳታችሁ። በዚያው ቀን "አይቼዋለሁ፣ ጥያቄዬ ተመልሷል፣ ይቅርታ" ብላችሁ ጻፉ። ጥርጣሬውን ለነገራችኋቸው ሰዎች ሁሉም ያንኑ ንገሩ። የፕላካርዱ ጊዜ እኔ ለአራት ሰው ተናግሬ ነበር፤ ለአራቱም ደወልኩ።